«እመጣለሁ አለ» በእንግሊዝኛ እንዴት ይዘገባል?

እንደምን ዋላችሁ። እዚህ የተሰበሰባችሁት አብዛኞቻችሁ ቃለ ጉባኤ በእንግሊዝኛ የምትይዙ፣ ለመሥሪያ ቤታችሁ ሪፖርት የምትጽፉ ወይም እንግሊዝኛ የምታስተምሩ ናችሁ። ሁላችሁንም በየቀኑ የሚያጋጥማችሁ አንድ ሥራ አለ፦ ሰው የተናገረውን ቃል በሌላ ቀን፣ ብዙ ጊዜም በሌላ ቦታ ሆኖ ለሦስተኛ ሰው በእንግሊዝኛ መንገር። በትምህርት ቤት «ዳይሬክት ስፒችን ወደ ሪፖርትድ ስፒች ለውጡ» የምንባለው ይኸው ነው። ዛሬ የምናገረው አማርኛ ተናጋሪ በዚህ ሥራ ላይ የት የት እንደሚሳሳትና ለምን እንደሚሳሳት ነው። የእንግሊዝኛ ምሳሌዎቹን በፊደላችን እንደሚነበቡ አድርጌ አስፍሬያቸዋለሁ።

ከራሳችን ቋንቋ እንነሣ። «ከበደ እመጣለሁ አለ» ስንል የሚመጣው ማን ነው? ከበደ ነው፤ ማናችንም አንጠራጠርም። ይህንኑ ቃል በቃል «ከበደ ሴድ አይ ዊል ካም» ብለን ለእንግሊዝ ብንነግረው ግን የሚመጣው ከበደ አይደለም፣ እኛ ነን። እንግሊዙ «አይ»ን ሲሰማ የሚያየው ፊቱ ቆሞ የሚያወራውን ሰው ነው። በአማርኛ «አለ» የሚለው ግስ የሰውየውን ንግግር ከነአንደበቱ ይዞት ይመጣል። «እኔ» የሱ እኔነት ነው፣ «ነገ» የሱ ነገ ሊሆን ይችላል፣ የግሱም ጊዜ እሱ ሲናገር የነበረው ጊዜ ነው። እንግሊዝኛ ይህን የሚፈቅደው በጥቅስ ምልክት ውስጥ ብቻ ነው። ጥቅሱ ከተነሣ ሁሉም ነገር ከዘጋቢው ሰው፣ ከዘጋቢው ቦታና ከዘጋቢው ቀን ተነሥቶ ይለካል። ተውላጠ ስሙ፣ ግሱና የጊዜው ቃል አብረው የሚለወጡት በዚህ አንድ ምክንያት ነው፤ ሦስት የተለያዩ ሕጎች አድርጎ መሸምደድ አያስፈልግም።

አማርኛም በከፊል እንዲህ የሚያደርግበት መንገድ አለው፦ «ከበደ እንደሚመጣ ነገረኝ»። እዚህ ላይ «እመጣለሁ» የሚለው «የሚመጣ» ሆኗል፤ ባለቤቱ ወደ ሦስተኛ መደብ ዞሯል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ከመጻፋችሁ በፊት የሰማችሁትን በልባችሁ ወደ «እንደ» ቅርጽ መልሱት። «ልጄን እወስዳለሁ አለች» የሚለውን «ልጇን እንደምትወስድ ተናገረች» ካላችሁት «ማይ» ወደ «ኸር» መሄዱን ራሱ አማርኛው ያሳያችኋል። በተውላጠ ስም ላይ የሚደርሰው ስሕተት አብዛኛው በዚህ ይጠፋል።

ግሱ ላይ ግን አማርኛው አይረዳንም፤ እንዲያውም ያሳስተናል። «እንደሚመጣ ነገረኝ» ስንል ከበደ የተናገረው ዛሬ ጠዋት ቢሆንም የዛሬ አምስት ዓመት ቢሆንም «እንደሚመጣ» ያው ነው። የሚለካው ከንግግሩ ቅጽበት ስለሆነ ከዚያ በኋላ የሚሆን ነገር መሆኑን ብቻ ይናገራል። እንግሊዝኛ ደግሞ «ሴድ» ብሎ ባለፈ ጊዜ ከጀመረ በሥሩ ያለውን ግስም ወደዚያው ወዳለፈው ጊዜ ይጎትተዋል፦ «ሂ ሴድ ሂ ዉድ ካም»። «ዊል» ወደ «ዉድ» ሄደ፤ ግሱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰ የምንለው ይህን ነው።

አሁን ቆም ብለን የምናየው፣ ከሁሉም የባሰ ጉዳት የሚያደርሰው ነጥብ ይመጣል። አንዲት ሠራተኛ ሰኞ ዕለት «አሞኛል» አለች እንበል። በእንግሊዝኛ ስትዘገብ «ሺ ሴድ ሺ ዎዝ ሲክ» ትሆናለች። አማርኛ ተናጋሪ «ዎዝ»ን ሲያይ «ነበር» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ስለዚህ «አሞኝ ነበር አለች» ብሎ ይረዳል፣ ማለትም ስትናገር ድናለች ማለት ነው። ስሕተት ነው። ያ «ዎዝ» ሕመሙ ማለፉን አይናገርም። ስትናገር ታማ እንደነበረች፣ የተናገረችውም ባለፈ ጊዜ እንደሆነ ብቻ ነው የሚነግረን። ዛሬ ድና ይሁን አሁንም ተኝታ ይሁን ዓረፍተ ነገሩ ምንም አላለም። «አሞኝ ነበር፣ አሁን ግን ተሽሎኛል» ማለቷን መዘገብ ከፈለጋችሁ ሌላ እርምጃ ወደ ኋላ መሄድ አለባችሁ፦ «ሺ ሴድ ሺ ሃድ ቢን ሲክ»።

በተቃራኒው አቅጣጫ ደግሞ ይኸው ችግር ግሱን ሳንለውጠው እንድንቀር ያደርገናል። «አሁንም ታማለች እኮ፣ ታዲያ ለምን ዎዝ እላለሁ?» ብሎ የሚከራከር ብዙ ነው። ክርክሩ የሚነሣው «ዎዝ»ን ከ«ነበር» ጋር አንድ ከማድረግ ነው።

«ዉድ»ም ተመሳሳይ ወጥመድ አለው። «ሂ ሴድ ሂ ዉድ ኮል» የሚለውን «ሊደውል ነበር» ብሎ የሚያነብ ሰው አለ፤ በአማርኛችን «ሊደውል ነበር» ካልን ደግሞ ሳይደውል ቀረ ማለታችን ነው። እንግሊዝኛው እንዲህ አላለም። እንደሚደውል መናገሩን አስታወቀ እንጂ መደወሉንም አለመደወሉንም አልነካም። ደውሎ ከሆነ በሌላ ዓረፍተ ነገር መጻፍ የዘጋቢው ፈንታ ነው።

እንግዲህ እርምጃዎቹን እንያቸው። ቀላሉ የአሁን ጊዜ ወደ ቀላሉ ያለፈ ጊዜ ይሄዳል፦ «ወርክ» የነበረው «ወርክድ»። «ኢዝ ወርኪንግ» የነበረው «ዎዝ ወርኪንግ» ይሆናል። «ዊል» ወደ «ዉድ»፣ «ካን» ወደ «ኩድ»፣ «ሜይ» ወደ «ማይት» ይመለሳሉ። እስከዚህ ድረስ የሚቸገር ጥቂት ነው። ጥንቃቄ የሚሻው ቀጥሎ ያለው ነው። ፕረዘንት ፐርፌክት፣ ማለትም «ሃዝ ሌፍት»፣ ወደ «ሃድ ሌፍት» ይሄዳል። ቀላሉ ያለፈ ጊዜ፣ ማለትም «ሌፍት»፣ እሱም ወደ «ሃድ ሌፍት» ይሄዳል። ቀድሞውኑ «ሃድ ሌፍት» የነበረውም ከዚያ ወዲያ የሚሄድበት ስለሌለ ባለበት ይቀራል። ሦስት ቅርጾች አንድ ቅርጽ ውስጥ ገቡ ማለት ነው። «ሄዷል»፣ «ሄደ» እና «ሄዶ ነበር» ተብለው በተናጋሪው አፍ የተለያዩት ነገሮች በሪፖርቱ ላይ አንድ ሆኑ። የጠፋውን ልዩነት የሚመልሱት የጊዜ ቃላት ናቸው፤ ስለዚህ በሪፖርት ውስጥ እነሱን መዝለል ትርጉም ያጎድላል።

ደግሞ አማርኛችን አንድ ቅርጽ ብቻ ያለው እንግሊዝኛ ግን ሁለት የሚያደርገው ቦታ አለ። «ሐኪሙ በየሳምንቱ ይመጣል» እና «ሐኪሙ ነገ ይመጣል» በሁለቱም ግሱ «ይመጣል» ነው። ስለዚህ «ሐኪሙ እንደሚመጣ ተናገረች» የሚል ማስታወሻ ይዛችሁ ብትቀመጡ ከሳምንት በኋላ «ኬም» ይሁን «ዉድ ካም» አታውቁም። ልማድ ከሆነ «ሺ ሴድ ዘ ዶክተር ኬም ኤቭሪ ዊክ» ነው፤ ገና የሚሆን ከሆነ «ዉድ ካም»። መፍትሔው የሚገኘው ማስታወሻ ሲያዝ ነው፦ «በየሳምንቱ» ወይም «ነገ» የምትለዋን ቃል አትጣሏት።

አሁን አንድ ጉዳይ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድ። ማክሰኞ ዕለት አዳማ ባለ መጋዘን ውስጥ የመጋዘኑ ሠራተኛ ለናንተ እንዲህ አለ፦ «ቁልፉ እዚህ የለም። ሹፌሩ ትናንት ወሰደው። እስካሁን አልመለሰም። ነገ 3 ሰዓት እደውልለታለሁ።» ይህ በቀጥተኛ እንግሊዝኛ «ዘ ኪ ኢዝ ኖት ሂር። ዘ ድራይቨር ቱክ ኢት የስተርደይ። ሂ ሃዝንት ሪተርንድ ኢት የት። አይ ዊል ኮል ሂም ቱሞሮ አት ናይን» ነው። እናንተ ደግሞ ዓርብ ዕለት አዲስ አበባ ሆናችሁ ለኃላፊያችሁ ትጽፋላችሁ።

መጀመሪያ የዘገባውን ግስ ወስኑ። ንግግሩ አልፏል፣ ስለዚህ «ሴድ» ነው፤ ግሶቹም ይመለሳሉ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ዘ ስቶርኪፐር ሴድ ዛት ዘ ኪ ዎዝ ኖት ዜር» ሊሆን ነው። ነገር ግን «ዜር»፣ ማለትም «እዚያ»፣ የት? ከላይ ስለ አዳማው መጋዘን ያልጻፋችሁ ከሆነ አንባቢው አያውቅም። የመማሪያ መልመጃ «ሂር»ን ወደ «ዜር» መለወጥ ብቻ ይበቃዋል፤ ሪፖርት ግን አይበቃውም። «ኢን ዘ አዳማ ስቶር» በሉና ይለቅ።

ሁለተኛው፦ «ዛት ዘ ድራይቨር ሃድ ቴክን ኢት ዘ ዴይ ቢፎር»። «የስተርደይ» ወደ «ዘ ዴይ ቢፎር» ሄዷል፣ ምክንያቱም የሠራተኛው ትናንት ሰኞ ሲሆን የናንተ ትናንት ሐሙስ ነው። ቃሉን እንዳለ ብትተዉት ኃላፊያችሁ ቁልፉ ሐሙስ እንደተወሰደ ያነባል፤ ጠፍቶ ከሆነ ተጠያቂነቱ በሦስት ቀን ይዛነፋል። «ኦን መንደይ» ብሎ ቀኑን መጥቀስ ደግሞ ከ«ዘ ዴይ ቢፎር» የበለጠ ንጹሕ ነው።

ሦስተኛው «ኤንድ ሃድ ኖት ሪተርንድ ኢት ባይ ዜን» ይሆናል። እዚህ «ወሰደ» እና «አልመለሰም» ሁለቱም «ሃድ» ሆነዋል። ልዩነታቸውን የያዙት «ኦን መንደይ» እና «ባይ ዜን» ናቸው፤ አንዱ የድርጊቱን ቀን፣ ሌላው እስከ ንግግሩ ሰዓት ድረስ አለመደረጉን ይናገራሉ። «ባይ ዜን»ን ብታወጡት ቁልፉ እስከ ዓርብ አልተመለሰም ብሎ የሚረዳ አይጠፋም፤ ሠራተኛው ግን ስለ ዓርብ ምንም አላለም።

አራተኛው ላይ ሦስት ነገር አብሮ ይመጣል። «አይ ዊል ኮል ሂም» የሚለው «ሂ ዉድ ኮል ሂም» ቢሆን በሰዋስው ልክ ነው፤ ግን ማን ለማን ይደውላል? ሁለት ወንዶች በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተገናኝተዋል። አንዱን በስሙ ወይም በሥራው ጥሩት፦ «ሂ ዉድ ኮል ዘ ድራይቨር»። «ቱሞሮ» ወደ «ዘ ኔክስት ዴይ» ይለወጣል፤ ረቡዕ መሆኑ ስለሚታወቅ «ኦን ዌንስደይ» ቢባልም ይቻላል። የቀረው ሰዓቱ ነው፤ የኛን አቆጣጠር የማያውቅ ሰው በሚያነበው ጽሑፍ ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሠራተኛው «3 ሰዓት» ያለው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ በእንግሊዝኛ «ናይን» ነው። ስድስት ሰዓት መደመሩን ወይም መቀነሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የምንረሳው ግን ማስታወሻችን ላይ «3» ብለን ጽፈን ከሦስት ቀን በኋላ ቁጥሩን እንዳለ ስንገለብጠው ነው። «ሞርኒንግ» ወይም «ኢቭኒንግ» የሚለውንም ጨምሩበት። የወር ቀንም እንዲሁ ነው፤ «ወር በገባ በ5» ያለውን ሰው የእንግሊዝኛው ወር አምስተኛ ቀን ላይ እንዳትጥሉት።

ሲገጣጠም እንዲህ ይነበባል፦ «ዘ ስቶርኪፐር ሴድ ዛት ዘ ኪ ዎዝ ኖት ኢን ዘ አዳማ ስቶር፣ ዛት ዘ ድራይቨር ሃድ ቴክን ኢት ኦን መንደይ ኤንድ ሃድ ኖት ሪተርንድ ኢት ባይ ዜን፣ ኤንድ ዛት ሂ ዉድ ኮል ዘ ድራይቨር አት ናይን ዘ ኔክስት ሞርኒንግ።»

ያንኑ ንግግር ዓርብ ሳይሆን ማክሰኞ ማታ በስልክ ለኃላፊያችሁ ብትነግሩትስ? ቀኑ አልተለወጠም። «ቱሞሮ» «ቱሞሮ» ሆኖ ይቀራል፣ «የስተርደይ»ም እንዲሁ፤ «ዘ ኔክስት ዴይ» ማለት እንዲያውም ለሰሚው እንግዳ ይሆንበታል። አዲስ አበባ ከገባችሁ ግን ቦታው ተለውጧልና «ሂር» ይሄዳል። ረቡዕ ከማለዳው 1 ሰዓት ላይ ብትናገሩ ደግሞ «ቱሞሮ» ወደ «ቱደይ» ይለወጣል፦ «ሂ ሴድ ሂ ዉድ ኮል ሂም ቱደይ»። ይህን በመማሪያ መጽሐፍ ሠንጠረዥ ላይ አታገኙትም፤ ሠንጠረዡ ሁልጊዜ ዘጋቢው ርቆና ቆይቶ እንደሚናገር አድርጎ ነው የሚነሣው። መምህራን፣ መልመጃ ስታወጡ «ማን፣ መቼ፣ የት ሆኖ ነው የሚዘግበው» የሚለውን በአንድ መስመር ብትጽፉላቸው ተማሪዎቹ የሚያስቡበት ነገር ያገኛሉ። ያለዚያ ሠንጠረዥ ነው የሚገለብጡት።

ሠንጠረዡን ካነሣን አይቀር፣ የሚደጋገሙትን ልጥቀስ። «ናው» ወደ «ዜን» ወይም «አት ዛት ታይም»፣ «ቱደይ» ወደ «ዛት ዴይ»፣ «ላስት ዊክ» ወደ «ዘ ዊክ ቢፎር»፣ «ኔክስት ዊክ» ወደ «ዘ ፎሎዊንግ ዊክ» ይሄዳሉ። «ቱ ዴይስ አጎ» ያለው «ቱ ዴይስ ቢፎር» ይሆናል፤ «አጎ» ዘወትር ከዘጋቢው ዛሬ ወደ ኋላ ስለሚቆጥር ካልተለወጠ ቀኑን ያሳስታል። የኛ «ከትናንት ወዲያ» እና «ከነገ ወዲያ» በዚህ ሥርዓት «ቱ ዴይስ ቢፎር» እና «ቱ ዴይስ ሌተር» ይሆናሉ። «ትናንት ማታ» ደግሞ በእንግሊዝኛው «ላስት ናይት» ነው፤ ሲዘገብ «ዘ ናይት ቢፎር»። «ዚስ» ወደ «ዛት» ይሄዳል ይባላል፣ በተግባር ግን ብዙ ጊዜ «ዘ» ይበቃል፦ «ይህን ፎርም ሙላ» ያለው ሰው ሲዘገብ «ዘ ፎርም» ነው የሚባለው። «ካም» እና «ብሪንግ»ም የቦታ ቃል መሆናቸውን አትርሱ። «እዚህ አምጣው» ያለው ሰው ያለበት ቦታ እናንተ ከሌላችሁ «ቴክ ኢት ዜር» ይሆናል።

ግሱ የማይመለስበት ጊዜም አለ። የዘገባው ግስ የአሁን ከሆነ ምንም አይለወጥም፦ «ሂ ሴይዝ ሂ ኢዝ ቢዚ»። ሬዲዮ ወይም ደብዳቤ ይዘን «እንዲህ ይላል» ስንል የምንጠቀምበት ነው። ተናጋሪው ምኞት ወይም ያልሆነ ነገር በ«ኢፍ» ሲናገር፣ ለምሳሌ «ገንዘብ ቢኖረኝ እገዛው ነበር» ሲል፣ እንግሊዝኛው «ኢፍ አይ ሃድ መኒ፣ አይ ዉድ ባይ ኢት» ነው፤ ሲዘገብ ተውላጠ ስሙ እንጂ ግሱ አይነካም። «ሃድ»ን ወደ «ሃድ ሃድ» ብትገፉት ሌላ ነገር፣ ያመለጠ ዕድል፣ ይሆናል። «ኩድ»፣ «ማይት»፣ «ሹድ»ም ባሉበት ይቆያሉ። «መስት» ግዴታ ሲሆን ወደ «ሃድ ቱ» መሄድ ይችላል፤ «ታሞ መሆን አለበት» እንደምንለው ግምት ሲሆን ግን «መስት» እንዳለ ይቀራል። በግምት ቦታ «ሃድ ቱ» የጻፈ ሰው ሰውየውን የመታመም ግዴታ ጥሎበታል።

አሁንም እውነት የሆነ ነገር ሲዘገብ ምርጫው የዘጋቢው ነው። «ዘ ኢንጂነር ሴድ ዘ ብሪጅ ኢዝ ክሎዝድ» ብትሉ ሰዋስው አልፈረሰም። ግን በ«ኢዝ» ድልድዩ እናንተ በምትጽፉበት ሰዓትም ዝግ መሆኑን ራሳችሁ እየመሰከራችሁ ነው። ካላረጋገጣችሁ «ዎዝ» ይሻላል፤ «ዎዝ» የመሐንዲሱን ቃል በመሐንዲሱ ላይ ይተዋል። በሥራ ሪፖርት ላይ እኔ ሁልጊዜ ወደ «ዎዝ» አደላለሁ። ያለፈውን ጊዜ ወደ «ሃድ» መመለሱም እንዲሁ ቀኑ ከተጠቀሰ ግዴታ አይደለም፤ «ሴድ ዘ ድራይቨር ቱክ ኢት ኦን መንደይ» ማንንም አያሳስትም። ቀን በሌለበት ግን «ሺ ሴድ ሺ ወርክድ ዜር» የተባለው «እዚያ እሠራለሁ» ይሁን «እዚያ ሠርቻለሁ» አይለይም። እዚያ ላይ ለሁለተኛው «ሃድ ወርክድ» ማለት ግድ ነው።

አንድ ትንሽ ግን በየሪፖርቱ የማትጠፋ ስሕተት ደግሞ ከ«አለኝ» ትመጣለች። እኛ «አለ» ላይ «ኝ» ጨምረን ለማን እንደተባለ እንናገራለን፤ በዚያው ልክ «ሂ ሴድ ሚ» የሚል ይጻፋል። «ሴድ» እንዲህ ያለ ተሳቢ በቀጥታ አይቀበልም። ሰሚውን መጥቀስ ካለባችሁ «ሂ ቶልድ ሚ» በሉ። ትእዛዝ ሲሆን «ቶልድ ሚ ቱ ዌይት»፣ ልመና ሲሆን «አስክድ ሚ ቱ ዌይት»፣ «አትጠብቅ» ከሆነም «ቶልድ ሚ ኖት ቱ ዌይት»። ጥያቄ ሲዘገብ የጥያቄው አሰላለፍ ይፈርሳል፦ «ዌር ዱ ዩ ሊቭ?» ያለውን «ሂ አስክድ ሚ ዌር አይ ሊቭድ» እንላለን፤ «ዱ» ይወጣል፣ ባለቤቱ ከግሱ ይቀድማል። «አዎ» ወይም «አይ» የሚመለስለት ጥያቄ ከሆነ «ኢፍ» ወይም «ዌዘር» ይገባበታል።

የማይለወጥ ንግግርም እንዳለ እወቁ። ዛቻ፣ ስድብ፣ የእምነት ክህደት ቃል፣ የገንዘብ ውል ላይ የተሰጠ ቃል ወደ ሪፖርትድ ስፒች ሲገባ ሦስቱ የጊዜ ቅርጾች አንድ ይሆናሉ ብለናል፤ ቃሉ ራሱ ክርክር ሊነሣበት በሚችልበት ቦታ ይህ ዋጋ ያስከፍላል። እዚያ ላይ አማርኛውን እንደተባለ በጥቅስ ምልክት ጻፉት፣ ከሥሩ ቀጥተኛውን እንግሊዝኛ በጥቅስ አስቀምጡ፣ ከጎኑም ማን፣ በምን ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ የት እንደተናገረው መዝግቡ።